ጫማ የሌለው ትዕዛዝ

ሰኔ 30 ሊደርስ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ግብር ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ አንድ ቡናማ ቆዳ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የምሠራው አንድ አነስተኛ የቆዳ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሂሳብ ክፍል። ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነን፤ ቆራጭ፣ ሰፊ፣ ፎርማ ላይ የሚወጥር፣ የሚያጣብቅ፣ ካርቶን የሚያሽግ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት።

ጥር ወር መጨረሻ ላይ ዋናው ቆራጫችን ከደመወዙ 1,500 ብር ተቆረጠበት። ምክንያቱ "ቆዳ አባክነሃል" የሚል ነው። ይህንን ያለው ወረቀት ከእኔ ጠረጴዛ ነው የወጣው። ደብዳቤውን ፈረመና ቢሮዬ መጣ። አልጮኸም። "ልጄ፣ እኔ ቆዳውን አልበላሁትም። ነይና ጠረጴዛው ላይ እይው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ሄጄ የማውቀው ለልደት ኬክ ብቻ ነው።

ሄድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አሠራራችንን ላስረዳ። ደንበኛ ሲያዝ የምርት ትዕዛዝ እናወጣለን። ወረቀቱ ላይ "300 ጥንድ የወንድ ጫማ፣ ቡናማ፣ ከ39 እስከ 44" ይላል፤ ከሥሩም ምን ያህል ቆዳ፣ ገበር፣ ሶል፣ ካርቶን እንደሚያስፈልግ ይዘረዝራል። ስቶር ዕቃ የሚያወጣው በዚህ ወረቀት ነው። በዚህ ሞዴል የአንድ ጥንድ ጫማ ቁርጥራጮች ሲደመሩ ስፋታቸው 2 ስኩዌር ፊት ነው። ቆዳ ግን ጨርቅ አይደለም። ጠርዙ የተጠማዘዘ ነው፣ የሆዱ በኩል ይለጠጣል፣ እሾህ የቧጨረው፣ መዥገር የበላው፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቦታ አለው። ስለዚህ ከ100 እጅ 80ውን ብቻ እንጠቀማለን ብለን ለአንድ ጥንድ 2.5 ስኩዌር ፊት እንይዛለን። ለ300 ጥንድ 750 ስኩዌር ፊት መሆኑ ነው።

በወሩ መጨረሻ የስቶሩን ወጪ ስደምር 840 አገኘሁ። 90 ስኩዌር ፊት ትርፍ ወጥቷል። አንዱን በ100 ብር ስናሰላው 9,000 ብር። ሪፖርቱ ላይ "የቆዳ ብክነት፦ 9,000" ብዬ ጻፍኩ፤ እትዬ አየችው፤ ቆራጩ ተጠራ። በቃ፣ የእኔ ሥራ አለቀ።

የኔ ጥፋት እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር ብክነት አልነበረም። "የወጣው ሲቀነስ መውጣት የነበረበት" ነው። ስሙን ብክነት ያልኩት እኔ ነኝ። በመቀነስ የሚገኝ ቁጥር የማናውቀው ነገር ሁሉ ድምር ነው፤ ውስጡ ስርቆትም፣ ስህተትም፣ መጥፎ ቆዳም፣ ገና ያልተቆረጠ ቆዳም ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ለድምሩ አንድ ስም እንሰጠውና ለስሙ አንድ ሰው እንፈልግለታለን።

እንግዲህ ያንን 90 እንፍታው።

ጋሼ (ቆራጩን እንደዚያ ነው የምንጠራው) ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቅል አወጣ። ያልተነካ ቡናማ ቆዳ ነው፤ ለሚቀጥለው ቡናማ ትዕዛዝ ይሆነኛል ብሎ ያስቀመጠው። ጀርባው ላይ የታተመውን ስፋት ስንደምር 15 ስኩዌር ፊት። ይህ ቆዳ አልባከነም፤ ወደ ስቶር የሚመለስበት ወረቀት ስለሌለን ብቻ "የባከነ" ሆኗል። እንደዚያው ቢቀር ኖሮ ደግሞ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ ጋሼ 15 ስኩዌር ፊት "ቆጣቢ" ሆኖ ይታየኝና አመሰግነው ነበር።

75 ቀረ። ቀጥሎ ወደ ስፌት ክፍል ወሰደኝና ከአንዱ ማሽን ጀርባ ያለ ማዳበሪያ ከፈተ። ውስጡ የተሰፉ ግን የተበላሹ የጫማ ላይኛ ክፍሎች ነበሩ። ከዚህ ትዕዛዝ የተበላሹት ከ10 ጥንድ ነው። አንዱ እግር ብቻ ቢበላሽም ቀለሙ እንዲመሳሰል ሁለቱንም እግር ደግመን ነው የምንቆርጠው፤ ስለዚህ 10 ጥንድ ሲደገም 25 ስኩዌር ፊት ሄዷል። ይህ ብልሽት እውነተኛ ነው፤ ግን የተፈጠረው መቁረጫው ላይ አይደለም። ጋሼ የቆረጠው ደህና ነበር፤ የተበላሸው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። ማዳበሪያው ለምን ተደበቀ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ የጋሼ 1,500 ብር ነው። ልጆቹ የሚሆነውን አይተዋል።

50 ቀረ። እዚህ ላይ ጋሼ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ለዓመታት በራሱ ፈቃድ የሚጽፈው ነው። የትኛውን ቆዳ ማን ቆረጠው፣ ስንት ጥንድ ወጣው፣ ሁሉም አለ። ከትዕዛዙ 200 ጥንድ እሱ፣ 100 ጥንድ ሁለተኛው ቆራጭ ነው የቆረጡት። ተመላሹንና የተደገመውን ትተን፣ ጋሼ በ532፣ ሌላው በ268 ስኩዌር ፊት ጨርሰዋል። ለአንድ ጥንድ 2.66 እና 2.68 ማለት ነው። የ25 ዓመት ቆራጭና የሁለት ዓመት ቆራጭ እኩል "አባከኑ"። ወደ ኋላ ገልጠን የኅዳርን ስናይ ደግሞ ጋሼ በተመሳሳይ ሞዴል 2.5 አካባቢ ነበር። ሁለት የተለያዩ እጆች በአንድ ቆዳ ላይ እኩል ከወደቁ፣ አንድ እጅ ደግሞ በሌላ ቆዳ ላይ ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ከእጁ ሳይሆን ከቆዳው ነው። ይህንን ለማወቅ ከደብተር ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ቆዳው ምን ነበረ? በታኅሣሥ የለመድነው ደረጃ ከገበያ ጠፋና ግዢ ክፍል ዝቅ ያለ ደረጃ በ92 ብር ገዛ። መደበኛ ዋጋችን 100 ነው። ስለዚህ በ840 ስኩዌር ፊት 6,720 ብር "ቁጠባ" በግዢ በኩል ተመዘገበ፤ ግዢ ሠራተኛው ተመሰገነ። በእኔ ሪፖርት ላይ ምስጋናውና ቅጣቱ በሁለት የተለያዩ ገጾች ላይ ነበሩ። ነገሩ ግን አንድ ውሳኔ ነው። ርካሽ ቆዳ ተገዛ፤ ጠባሳው በዛ፤ ቆራጩ ጠባሳውን እየዘለለ ስለቆረጠ ከ80 ወደ 75 እጅ ወረደ፤ 50 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 5,000 ብር ሄደ። ከተበላሹት 10 ጥንዶች ደግሞ 6ቱ ፎርማ ላይ ሲወጠሩ ጠባሳው ላይ የተቀደዱ ነበሩ፤ 1,500 ብር። የቀሩት 4ቱ የስፌት ስህተት ናቸው። ከ6,720 ላይ 6,500 ቀንሱ። ከዚያ ሁሉ ቁጠባ በቆዳው ብቻ የቀረን 220 ብር ነው፤ ለተቀደዱት የወጣውን የስፌት ጉልበትና ገበር ሳንቆጥር።

ግዢው ጥፋት ነበር እያልኩ አይደለም። ሌላ ቆዳ ካልተገኘ ሥራ ከሚቆም ይሻላል። ግን ውሳኔው ሲወሰን "ይህ ቆዳ 75 እጅ ነው የሚሰጠው" ተብሎ ትዕዛዙ ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ የሚጠበቀው 800 ይሆን ነበር፣ ጋሼም አይቀጣም ነበር።

"ታዲያ ስርቆት ቢኖርስ?" ትሉኛላችሁ። እትዬም ያለችው ይህንኑ ነው። እሱንም አየነው። በዚያ ወር ሌላ ቡናማ ስላልቆረጥን ቁርጥራጩ በአንድ ማዳበሪያ ለብቻው ነበር። ከዚያው ቆዳ አንድ ስኩዌር ፊት በትክክል ቆርጠን ስንመዝን 95 ግራም ሆነ። ጠረጴዛው ላይ በድምሩ 825 ስኩዌር ፊት ተቆርጧል፤ ከዚህ 310 ጥንድ ስለወጣ 620ው ጫማው ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ 205 ስኩዌር ፊት ቁርጥራጭ መኖር አለበት፤ ወደ 19 ኪሎ ተኩል። ማዳበሪያው 19.2 ኪሎ መዘነ። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የተወሰነ ግራም ይዛነፋል፤ 14 ኪሎ ቢሆን ኖሮ ግን ቆዳ በበር ወጥቷል ማለት ነው። እናም ልብ በሉ፦ ሌባ የሚወደው "ብክነት" የሚባለውን ትልቅና ምክንያት የሌለው ቁጥር ነው። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ስታወጣቸው የሚቀረው ትንሽ ቁጥር መደበቂያ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ የባሰው ያለው እዚያ ነው።

በጥር መጨረሻ ከ300 ጥንድ 220ው አልቆ ወደ ስቶር ገብቷል። 80ው ገና ወለል ላይ ነው፤ 50ው ተሰፍቶ ፎርማ የሚጠብቅ፣ 30ው የተቆረጠ ብቻ። እኛ በሂደት ላይ ያለ ምርት ዋጋ የምናወጣው እንዲህ ነበር፦ ለትዕዛዙ የወጣው ሁሉ ይደመራል፣ ያለቀው ጫማ በመደበኛ ዋጋ ይቀነሳል፣ የቀረው "በሂደት ላይ" ይባላል። እዚህም መቀነስ ነው እንግዲህ። ቆዳውን ብቻ እንይ። የወጣው 84,000። ያለቀው 220 ጥንድ በ250 ብር፣ 55,000። ቀሪ 29,000። መጽሐፉ "ወለል ላይ የ29,000 ብር ቆዳ አለሽ" ይለኛል።

ወለሉ ላይ ሄጄ ስቆጥር 80 ጥንድ ነው ያለው፤ 20,000 ብር። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቅል 1,500 ጨምሩ። 21,500። የቀረው 7,500 ብር የት ነው? የትም። በጠባሳው ዙሪያ ተቆርጦ የወደቀው ቆዳና ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ብልሽት ነው። የሞተ ነገር ነው፤ መጽሐፌ ላይ ግን እንደ ንብረት ተቀምጧል።

ከዚያ ምን ይሆናል? የካቲት ላይ 80ው ጥንድ ያልቃል፣ በመደበኛ ዋጋው ይወጣል፣ ትዕዛዙ ግን አይዘጋም። ወለል ላይ አንድ ጫማ የለም፤ መጽሐፉ ላይ 7,500 ብር አለ። ጫማ የሌለው ትዕዛዝ። ይህንን ካየሁ በኋላ ያልተዘጉ ትዕዛዞችን ዝርዝር አትሜ ወለሉን ዞርኩ። 41 ክፍት ትዕዛዝ ነበረን። 26ቱ ጫማ አልነበራቸውም። ከእነሱ ውስጥ አብዛኞቹ ካለፈው ዓመት የተሻገሩ ናቸው፤ የተሻገረው ድምር 186,000 ብር።

ያም ማለት አምና ሰኔ 30 ላይ ትርፋችንን በ186,000 ብር አብዝተን ነው የተናገርነው። ከትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር ሲታሰብ 55,800 ብር፤ ላልተገኘ ትርፍ ጥቅምት ላይ የተከፈለ። ኪሳራው መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ስሌቱ ወደፊት ይስተካከል ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን በወቅቱ ከካዝና ወጥቷል። እትዬ አምና "ወረቀቱ አተረፍሽ ይለኛል፤ ባንክ ስሄድ ብሩ የለም" ስትለኝ "ገንዘቡ ዕቃ ላይ ነው ያለው" ብዬ መልሼላት ነበር። ዕቃ ላይ አልነበረም። ማዳበሪያ ውስጥ ነበር።

የሂሳብ ደረጃዎቹም ቢሆኑ በዚህ ላይ ግልጽ ናቸው። የተለመደው ብክነት፣ የእኛ 20 እጅ፣ የጫማው ወጪ አካል ነው፤ ያለ እሱ ጫማ አይሠራም። ከተለመደው ያለፈው ግን በክምችት ዋጋ ውስጥ አይቀመጥም፤ በተፈጠረበት ጊዜ ወጪ ይሆናል። እኛ ደንቡን ሳናውቅ ቀርተን አልነበረም። ብክነቱ መቼና የት እንደተፈጠረ የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ነው።

ሌላም ልማድ ነበረን፦ ያላለቀውን ሁሉ "ግማሽ አልቋል" ብሎ መገመት። የተቆረጠ ጫማ ግን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ገብቶበታል፤ ሶሉና ካርቶኑ ደግሞ ምንም አልገቡም። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። አሁን የምናደርገው ቀላል ነው። ጥንዶቹን በደረጃቸው እንቆጥራለን፦ የተቆረጠ፣ የተሰፋ፣ የተወጠረ። ለእያንዳንዱ ደረጃ እስከዚያ የገባውን ዕቃና ጉልበት ብቻ እንሰጠዋለን። ለ38 ሰው ፋብሪካ ቆጠራው አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ከመጋቢት ጀምሮ ያደረግነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር አንድ ካርድ አብሮ ይዞራል። ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ወጣሪው እያንዳንዳቸው በዕለቱ ሦስት ነገር ብቻ ይጽፋሉ፦ ስንት ደህና አስተላለፍኩ፣ ስንት ተበላሸ፣ ለምን። "ለምን" የሚለው አራት ምርጫ አለው፦ ቆዳው፣ ማሽኑ፣ እጅ፣ ሌላ። ስቶር ተጨማሪ ቆዳ የሚያወጣው በካርዱ ላይ ምክንያቱ ሲጻፍ ነው፤ የተረፈው በካርዱ ይመለሳል። የመጨረሻው ጥንድ ስቶር በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ትዕዛዙን እዘጋለሁ፤ የቀረው ቀሪ ሂሳብ ምንም ይሁን ምን ወደ ወጪ ይሄዳል። ጫማ የሌለው ትዕዛዝ ወር አይሻገርም።

እትዬ መጀመሪያ "ወረቀት ጫማ አይሰፋም" ብላ ነበር። ልክ ናት፤ አይሰፋም። ካርዱ ሁሉንም ነገር አይነግረንም፤ ሰው "እጅ" ከማለት "ቆዳው" ማለት ይቀለዋል፣ ይህንን አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተበላሸው ዕቃ ራሱ ከካርዱ ጋር በሣጥን የሚቀመጠውና አርብ አርብ ከፎርማኑ ጋር ቁጭ ብለን የምናየው። ጠባሳ ላይ የተቀደደና መርፌ የሳተው በዓይን ይለያያሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእትዬ ጋር ተከራክሬአለሁ፣ አሁንም እከራከራለሁ። በዚህ ካርድ ቁጥር የማንም ደመወዝ መቆረጥ የለበትም። ሰው የጻፈው ቁጥር መልሶ ኪሱን የሚቆርጠው ከሆነ መጻፍ ያቆማል፤ ማዳበሪያው ወደ ማሽኑ ጀርባ ይመለሳል፤ ብልሽቱም ወደ መጽሐፌ ውስጥ ተመልሶ "ንብረት" ይሆናል። በመጋቢት የተመዘገበ ብልሽታችን ከየካቲት ሦስት እጥፍ ነበር። እትዬ ደነገጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የበዛው ብልሽቱ ሳይሆን የምናየው ነው። የስፌት ስህተቱ ከአንድ ማሽን እንደሚመጣ ያወቅነው በዚያ ወር ነው።

የጋሼ 1,500 ብር በየካቲት ደመወዝ ላይ ተመለሰ። ይቅርታ ስጠይቀው "ደብተሩን ከፈለግሽው ውሰጂው፣ እኔ አሁን ካርድ አለኝ" አለኝና ሳቀ። ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

የሂሳብ ሰዎች፣ በተለይ በትንንሽ ፋብሪካ ያላችሁ፦ ቆጠራው ከመድረሱ በፊት የክፍት ትዕዛዞችን ዝርዝር አትሙና ወለሉን ዙሩ። ስንቶቹ ጫማ የላቸውም? ጫማ ካልሆነ ዳቦ፣ ወንበር፣ ሳሙና፣ የምትሠሩት ምንም ይሁን። ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ 26ን የሚበልጥ ካለ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።